እንግዳን በአስተርጓሚ ማስተዋወቅ፦ ዐረፍተ ነገሩን የት እንቁረጠው?

ከልምምድ ማስተማር የተመለሱ ሠልጣኞች ይዘውልን ከመጡት ወረቀቶች አንዱን እናንሳ። ነገሩ የተፈጸመው አፋን ኦሮሞ በሚነገርበት የገጠር ትምህርት ቤት፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ከጤና ጣቢያ የመጡ ነርስ ስለ ዓይን ማዝ ሊናገሩ ነው። ሠልጣኙ አፋን ኦሮሞ አይችልም። ስለዚህ በአማርኛ ሲያስተዋውቅ ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ያስተረጉማሉ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ይኸውላችሁ፦

«ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት በተለያዩ የወረዳችን ጤና ጣቢያዎች በትጋት ሲያገለግሉ የቆዩት፣ በቅርቡም በዓይን ማዝ በሽታ መከላከል ላይ የተሰጠውን ሥልጠና ተከታትለው በከፍተኛ ውጤት ያጠናቀቁት፣ ዛሬም ጊዜያቸውን ሠውተው በመካከላችን የተገኙት የተከበሩ እንግዳችን ሲስተር እገሊት ስለ ልጆቻችን ዓይን ጤና ንግግር ያደርጉልናል።»

ለአማርኛ ሰሚ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ያምራል። ነገር ግን ቁጠሩት፤ 38 ቃላት አሉት፤ የእንግዳዋ ስም የሚመጣው በ32ኛው ቃል ላይ ነው። አስተርጓሚው ያን ሁሉ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ቆመዋል። በመጨረሻ የተናገሩት ምን ነበር? «ነርስ መጥተዋል፤ ስለ ዓይን ይናገራሉ» ብቻ። አሥራ ሁለቱ ዓመታትም፣ ሥልጠናውም ጠፉ። ኋላ ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት «መርፌ ነው እንዴ?» ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። እኒያ እናት የወጡት ነርሷ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው።

ጥፋቱን በአስተርጓሚው ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ምክንያቱ ከሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር የመጣ ነው። በአማርኛ ገላጩ ከስሙ በፊት ይመጣል፤ «የመጡት እንግዳ» እንላለን። በአፋን ኦሮሞ ግን ስሙ ይቀድማል፣ ገላጩ ይከተላል። ትምህርት ቤት የሚለውን ብቻ ብናይ ይበቃል፦ «መነ በሩምሳ» ሲባል ቤት የሚለው «መነ» ነው የቀደመው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው «ያገለገሉት፣ ያጠናቀቁት፣ የተገኙት» እያለ ሲደረድር፣ አስተርጓሚው መጀመር የሚገባቸውን ቃል ገና አልሰሙም። ስሙ ሲመጣ ደግሞ የፊተኛው ተረስቷል። ወደ እንግሊዝኛ ቢተረጎምም ችግሩ ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ግሡንም አስቀድሞ ይፈልጋል።

መድኃኒቱ ስሙን ማስቀደምና ገላጮቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ግሥ ማቆም ነው። ያንኑ ወረቀት ከሠልጣኙ ጋር ሆነን እንዲህ አድርገን ጻፍነው፤ ዝርዝሩ ሰረዝ ያለበት ቦታ ላይ ተናጋሪው ዝም ይላል፦

«እንግዳችን ሲስተር እገሊት ይባላሉ። ነርስ ናቸው። — በዚህ ወረዳ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። — ስለ ዓይን ማዝ ልዩ ሥልጠና ወስደዋል። — ዛሬ የልጆች ፊት እንዴት እንደሚታጠብ ያሳዩናል። — ዛሬ መርፌ የለም። — ጥያቄ ያለው ሰው ሲጨርሱ መጠየቅ ይችላል። —»

«በትጋት»፣ «በከፍተኛ ውጤት»፣ «ጊዜያቸውን ሠውተው» የሚሉት ወጥተዋል። ለወላጅ የሚጠቅመው ማን እንደመጣ፣ ለምን ሊታመኑ እንደሚገባና ምን እንደሚደረግ ነው። «መርፌ የለም» የሚለው ግን ገብቷል፤ የሰው ስጋት እሱ ስለሆነ። ይህን ከመጻፍ በፊት ነርሷን ራሳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በእውነት መርፌ ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የሚጻፈው።

አጭር ይሁን ሲባል ግን ዐረፍተ ነገሩን መሐል ላይ እንቁረጠው ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሠልጣኝ «በዚህ ወረዳ አሥራ ሁለት ዓመት...» ብሎ ይቆምና አስተርጓሚውን ያያል። ምን ብለው ይተርጉሙት? ሠርተዋል? ኖረዋል? ወይስ አልሠሩም? በአማርኛ አዎንታና አሉታ የሚለየው መጨረሻ ላይ ባለው ግሥ ነው። ግሡ ሳይነገር የተቆረጠ ነገር ለአስተርጓሚው ገና ምንም አይደለም። «ነርስ ናቸው» የሚለውን የመሰለ ሁለት ቃል ብቻ ያለው ሲሆን ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አያይዞ መናገር ይሻላል፤ ከላይ ያደረግነውም ይህንኑ ነው።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሲያደናግር አይተነዋል። በአማርኛ «እሳቸው» እና «እነሱ» ይለያያሉ። በአፋን ኦሮሞ ግን «ኢሳን» የሚለው ቃል ለብዙ ሰዎችም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል። መድረክ ላይ ነርሷና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አብረው ተቀምጠው «እሳቸው ያሳዩናል» ብትሉ፣ ሰሚው ሁለቱም የሚያሳዩ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ተውላጠ ስሙን ትታችሁ «ሲስተር» ወይም «ነርሷ» እያላችሁ ስሙን ድገሙት። በአማርኛ ጆሮ መደጋገሙ ሊሰለች ይችላል፤ ይሰልች።

ዓመተ ምሕረትና ሰዓት ወደ አፋን ኦሮሞ ሲተረጎም ችግር የለውም፤ አቆጣጠሩ አንድ ነው። እንግዳው የውጭ አገር ሰው ከሆነና ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎም ከሆነ ግን ቁጥሩን ቀድማችሁ አስልታችሁ በወረቀት ስጡ። አስተርጓሚው ቆመው 7 ይደመር ወይስ 8 እያሉ ሲያሰሉ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ያመልጣቸዋል። የጠዋቱ 3 ሰዓትም በእነሱ 9 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ከስብሰባው በፊት ከአስተርጓሚው ጋር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ወረቀቱን ስጧቸው፤ ስሞቹን ድምፅ አውጥተው ያንብቧቸው። ተረትና ምሳሌ ካላችሁ እዚያው ንገሯቸው፤ በአፋን ኦሮሞ ተመሳሳይ ከሌለው ሰርዙት። ትርጉሙ መስጠሙን ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ፦ አስተርጓሚው በአፋን ኦሮሞ ያሉትን ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ ሰው መልሶ በአማርኛ ይንገራችሁ። አሥራ ሁለቱ ዓመት ተመልሶ ካልመጣ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ሆኖ ይገኛል።

መድረክ ላይ ስትቆሙም የምታዩት ወላጆችን ነው፣ አስተርጓሚውን አይደለም። «ነርስ ናቸው በላቸው» አይባልም፤ በቀጥታ ለሕዝቡ ተናገሩ፣ አስተርጓሚው የእናንተን ቃል እንደራሳቸው አድርገው ይናገራሉ። ጆሯችሁ ግን እሳቸው ዘንድ ይሁን። ቋንቋውን ባታውቁትም ርዝመቱ ይነግራችኋል፤ እናንተ አሥር ቃል ብላችሁ እሳቸው በሁለት ቃል ከጨረሱ አንድ ነገር ወድቋል። አንድ ደቂቃ ከፈጁ ደግሞ ከራሳቸው እየጨመሩ ነው። ያኔ መቆጣት ሳይሆን ያንኑ ዐረፍተ ነገር አሳጥሮ መድገም ነው።

ጭብጨባው ሁለት ጊዜ ይመጣል። አማርኛ የሚያውቁት መጀመሪያ ያጨበጭባሉ፣ የቀሩት ትርጉሙን ሲሰሙ። በመጀመሪያው ጭብጨባ ነርሷ ተነሥተው ወደ ፊት ከመጡ የአስተርጓሚው የመጨረሻ ቃል በጫጫታ ይዋጣል። ስለዚህ ነርሷን ቀድማችሁ «ሁለተኛው ጭብጨባ ሲሰማ ይነሡ» በሏቸው።