«ልጁ ትናንት ዳቦ ጋገረ» — መዝገበ ቃላት ያልፈታው የኔፕልስ መልእክት

በየቀኑ ስንለያይ «ቻው» እንላለን። ቃሉ የጣልያን መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ የቬኒስ መሆኑን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት። የቬኒስ ሰዎች በአካባቢያቸው አነጋገር «ባሪያዎ ነኝ» ለማለት ይጠቀሙበት የነበረ የትሕትና ቃል ነው። ከቬኒስ ወጥቶ መላውን ጣልያን አዳረሰ፣ ከዚያም እኛ ዘንድ ደረሰ። እንዲህ አገር ለመዞር የታደሉት የአካባቢ ቃላት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ በተወለዱበት ከተማና አውራጃ ይቀራሉ፣ መደበኛውን መዝገበ ቃላት ይዞ የሚፈልጋቸውንም ሰው ያሳስታሉ። እኛንም አሳስተውናል።

አንድ የተማሪያችን አባት ታላቅ ልጃቸውን ኔፕልስ ወደምትኖረው እህታቸው ልከው ነበር። የእህትየዋ ቤት አከራይ የሆኑ አሮጊት አንድ ቀን አጭር መልእክት ላኩላቸው። አባትየው ጣልያንኛ ስለማያነቡ ይዘውት ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። መልእክቱ «ኢል ጓልዮኔ ስታ ቤኔ፣ ማ የሪ አ ፋቶ ፊሎኔ። ሞ ትየኔ ፓውራ ዲ ቴ» ይላል።

ትንሿን የኪስ መዝገበ ቃላታችንን ገለጥን። «ፊሎኔ» ረዘም ያለ ዳቦ ነው ትላለች። «ትየኔ» የመጣበት «ቴኔሬ» የሚለው ግስ «መያዝ» ነው። «ጓልዮኔ» የለም፣ «ሞ»ም የለም። እኛም በድፍረት «ልጁ ደህና ነው፣ ትናንት ዳቦ ጋገረ፣ ካንተ የተያዘ ፍርሃት አለ» ብለን ተረጎምን። አባትየው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ባይገባቸውም «ይሁን፣ ሙያ ከያዘ ምን አለ» ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ልጁ ግን ዳቦ አልጋገረም። በኔፕልስ «ፋሬ ፊሎኔ» ማለት ተማሪ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲዞር መዋል ነው። እኛ መፎረፍ የምንለው ነው። ይህንን ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ አክስትየዋ ስትደውል ነበር።

መልእክቱን እንደገና ስናነበው ስህተታችንን የሚናገሩ ምልክቶች በውስጡ እንደነበሩ አየን። አንደኛው «ማ» የሚለው ቃል ነው፤ «ግን» ማለት ነው። «ልጁ ደህና ነው፣ ግን» ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ ደስ የማይል ነገር ሊናገር ነው፤ ዳቦ መጋገር ደግሞ «ግን» የሚያስብል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ምልክት ይበልጥ ረቂቅ ነው። ጣልያናዊ አንድ ዳቦ ጋገረ ለማለት ቢፈልግ «ኡን ፊሎኔ» ይል ነበር፤ «ኡን» አንድ ማለት ነው። እዚህ ግን «ኡን» የለችም። «ፋሬ» ከሚለው ግስ ቀጥሎ ስም ያለዚህች ቃል ባዶውን ሲመጣ፣ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ድርጊት የሚያመለክቱ ፈሊጥ መሆናቸውን መጠርጠር ይገባል። በዚህ ጊዜ መፈለግ ያለበት ስሙ ለብቻው ሳይሆን ጥምረቱ ነው። ሦስተኛው ምልክት የራሳችን ትርጉም ነበር። ዳቦ የጋገረ ልጅ አባቱን ለምን ይፈራል? ትርጉማችንን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ጮክ ብለን ብናነበው ኖሮ እንባንን ነበር።

በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት የኖረው በምን ምክንያት ነው ብለው ተማሪዎቻችን ጠይቀውናል። የኔፕልስ፣ የቬኒስና የሲሲሊ አነጋገሮች የተበላሸ ጣልያንኛ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከላቲን በየራሳቸው መንገድ የወጡ ናቸው። ዛሬ መደበኛ የምንለው ጣልያንኛ በፍሎረንስ አነጋገር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ አገሪቱ በ1861 አንድ ስትሆን በዕለት ተዕለት ኑሮው የሚናገረው ሕዝብ ጥቂት ነበር። ከትምህርት ቤት ቀጥሎ ያስፋፋው በ1954 የጀመረው ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ዛሬም ሰው መደበኛውን ጣልያንኛ እየተናገረ የሰፈሩን ቃል ጣል ያደርግበታል። አሮጊቷም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ጓልዮኔ» የኔፕልስ ቃል ነው፤ ልጅ፣ ጎረምሳ ማለት ነው። «ሞ» በሮማና በደቡብ የሚሠራበት «አሁን» ነው። «ቴኔሬ» ደግሞ በደቡብ ከመያዝ አልፎ «አለው» ለማለት ይገባል። በመደበኛው «አ ፓውራ» የሚባለውን እርሳቸው «ትየኔ ፓውራ» አሉት፤ «ፈርቷል» ማለት ነው።

መፎረፍን ራሱን ብንወስድ መደበኛው አጠራር «ማሪናሬ ላ ስኮላ» ነው። ዓሣን በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ለሌላ ቀን ከማቆየት የመጣ ነው፤ ትምህርቱን ለሌላ ቀን አቆየው እንደማለት። በሚላኖ «ቢጃሬ» ይሉታል። በቶሪኖ «ታልያሬ» ነው፤ መቁረጥ ማለት ነው። በፍሎረንስ «ፋሬ ፎርካ» ይባላል፤ መዝገበ ቃላቱን ያየ ሰው መንሽ ወይም መስቀያ ግንድ ያገኛል። የሮማ ተማሪዎች የሚሉትን ግን በዚህ መጽሔት አናትምም። የቃሉ የመጀመሪያ ፍቺ መጋዝ ብቻ ቢሆንም፣ አማርኛችን በሌላ ትርጉሙ ተውሶታል።

ታዲያ መዝገበ ቃላቱ ሲከዳን የምናደርገው የመጀመሪያ ነገር ተናጋሪው የየት ሰው እንደሆነ መጠየቅ ነው። የት እንደሚኖር ማወቅ አይበቃም፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ብዙ የደቡብ ሰዎች ወደ ሚላኖና ቶሪኖ ፋብሪካዎች ስለፈለሱ፣ ከሚላኖ የተጻፈ ደብዳቤ የኔፕልስ ቃል ሊኖረው ይችላል። ትልልቆቹ የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት የአካባቢ ቃላትን በምህጻር ይለያሉ፤ «ሜሪድ» የደቡብ፣ «ሴት» ደግሞ የሰሜን ነው። አንድ ተማሪ የኋለኛውን «ሴቶች ብቻ የሚናገሩት» ብሎ ተርጉሞልናል። የኪስ መዝገበ ቃላት ግን እነዚህን ቃላት ባብዛኛው ይዘላቸዋል።

ቀጥሎ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ነው፤ አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ፊሎኔ ዳቦ ማለት ነው?» ብንል መልሱ «አዎ» ነው፤ እውነትም ዳቦ ነውና። መጠየቅ ያለብን «ይህን ያደረገ ልጅ ምን አደረገ ይባላል? ለአስተማሪው እንዲህ ብለህ ትነግረዋለህ?» ብለን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ቃሉ የጨዋታ ይሁን የስድብ ይነግረናል።

ፍቺው ከታወቀ በኋላም ሥራው አላለቀም። ለአባትየው «ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ» ብንላቸው ጨርሶ አቋረጠ ብለው ይረዳሉ። «ጠፋ» ብንል ከቤት ኮበለለ ብለው ይደነግጣሉ። «ፎረፈ» ትክክል ነው፣ ግን የተማሪ ቃል ስለሆነ ሁሉም አባት አይረዳውም። የኔፕልስን ቃል በጎጃም ወይም በወሎ አነጋገር መተካት ደግሞ ለእኛ አይጥመንም፤ አሮጊቷ ድንገት የደሴ ሰው ይሆናሉ። በመጨረሻ የጻፍንላቸው «ልጁ ደህና ነው፤ ግን ትናንት ትምህርት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ሳይገባ ዋለ። አሁን አንተን ፈርቷል» የሚለውን ነው። አንዱን ቃል በሰባት ቃል መተካት ግድ ሆነብን።

አባትየው በዚያው ዕለት «አሁን የት ነው?» ብለው በእኛ በኩል አስጻፉ። አሮጊቷ «ኤ ኡሺቶ ሞ ሞ» ብለው መለሱ። «ሞ» ሲደገም «አሁን ገና» ይሆናልና «አሁን ገና ወጣ» ብለን አነበብንላቸው። አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው «ወዴት?» አሉን።