ወደ ቢላ የተዛወረው ታካሚ፦ የካፕላን-ማየር ኩርባና የሎግ ራንክ ፈተና አሠራር

በነቀምቴ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ ታካሚዎችን መዝገብ ይዛችሁ «በአንድ ዓመት ውስጥ ስንቱ በሕይወት ይቆያል?» ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል። አንዱ ታካሚ በአምስተኛው ወር መኖሪያው ወደሚቀርበው ወደ ቢላ ጤና ጣቢያ ተዛውሯል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ መዝገባችሁ አያውቅም። ይህን ሰው ከየትኛው ወገን ትቆጥሩታላችሁ? የሰርቫይቫል ትንተና ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው።

ለእያንዳንዱ ታካሚ ሁለት ነገር መዝግቡ፦ መድኃኒት ከጀመረበት ቀን እስከ መጨረሻው የታወቀበት ቀን ያለውን ጊዜ፣ በዚያም ቀን የሆነውን። ከሞተ 1፣ ካልሞተ 0። የተዛወረው፣ ከክትትል የጠፋውና ጥናቱ ሲያልቅ በሕይወት ያለው ሁሉም 0 ናቸው፤ ሴንሰር ተደረጉ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ትርጉሙ «እስከዚህ ቀን ድረስ በሕይወት ነበር፤ ከዚህ በኋላ አናውቅም» ነው እንጂ «ዳነ» ማለት አይደለም።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብታስገቡ ሶፍትዌሩ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበውና ባዶ ያደርገዋል። አብዛኞቹ ሌሎች ቀኖች ግን ሳይታወቅ ይገባሉ፣ ልዩነታቸውም በጥቂት ቀን ይዛባል። አስቀድማችሁ ሁሉንም ወደ ጎርጎርዮሳዊ ቀይሩ።

አሁን እናስላ። ቁጥሮቹ ለመለማመጃ የተዘጋጁ ናቸው። ሲዲ4 ቁጥራቸው ከ200 በታች የሆኑ ስድስት ታካሚዎች አሉን፦ በ2ኛ፣ በ4ኛና በ8ኛ ወር አንድ አንድ ሰው ሞተ፤ በ5ኛው ወር አንዱ ወደ ቢላ ተዛወረ፤ ሁለቱ እስከ 12ኛው ወር ቆዩ። በየሞቱ ቀን ከፊቱ በክትትል ላይ የነበሩትን ቆጥራችሁ የተረፉትን ድርሻ ታባዛላችሁ። በ2ኛው ወር 5/6 = 0.833፤ በ4ኛው 0.833 × 4/5 = 0.667። በ5ኛው ወር ማንም ስላልሞተ ኩርባው አይወርድም፤ የቢላው ሰው ግን ከተቆጣሪዎቹ ይወጣል። ስለዚህ በ8ኛው ወር ሦስት ሰው ብቻ ቀርቷል፦ 0.667 × 2/3 = 0.444።

ያን አንድ ሰው እስከ መጨረሻ ኖረ ብትሉ 0.5 ይሆናል፤ ሞተ ብትሉ 0.333፤ ከመዝገብ ብትሰርዙት 0.4። የካፕላንና የማየር የ1958 ዘዴ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ የታወቁትን አምስት ወራት ይጠቀምባቸዋል፣ ያልታወቁትን አይፈጥርም።

ሁለተኛው ቡድን ሲዲ4 ቁጥራቸው 200 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ስድስት ሰዎች ነው፦ አንዱ በ7ኛው ወር ተዛወረ፣ አንዱ በ9ኛው ሞተ፣ አራቱ 12ኛውን ወር ጨረሱ። ኩርባው 0.8 ላይ ይቆማል። ታዲያ ልዩነቱ እውነት ነው ወይስ የዕድል?

ሎግ ራንክ በየሞቱ ቀን «ቡድኖቹ ባይለያዩ ኖሮ ይህ ሞት ከመጀመሪያው ቡድን የመሆን ዕድሉ ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። በ2ኛው ወር 6 ከ12፣ በ4ኛው 5 ከ11፣ በ8ኛው 3 ከ8፣ በ9ኛው 2 ከ7። ሲደመር 1.62 ይሆናል፤ የሞቱት ግን 3 ናቸው። በሁለተኛው ቡድን ደግሞ 2.38 ሲጠበቅ 1 ብቻ ሞተ። ልዩነቱን በራሱ አባዝታችሁ ለቫሪያንሱ (0.936) ስታካፍሉት 2.05 ገደማ ይወጣል። ይህ ከ3.84 ስለሚያንስ፣ ፒ ዋጋውም 0.15 ስለሆነ፣ በአሥራ ሁለት ሰው ልዩነት አለ ማለት አይቻልም። «ልዩነት የለም» ማለትም አይቻልም፤ አራት ሞት ብቻ ይዞ ማረጋገጥ ከባድ ነው። የፈተናው ጉልበት የሚመጣው ከታካሚው ብዛት ይልቅ ከሞቱ ብዛት ነው።

በአር (R) እንዲህ ይሠራል፤ ወሩ `wer`፣ ሞቱ `mot`፣ ቡድኑ `budn` ተብሎ ከተሰየመ፦

```
library(survival)
km <- survfit(Surv(wer, mot) ~ budn, data = d)
plot(km, mark.time = TRUE)
survdiff(Surv(wer, mot) ~ budn, data = d)
```

ኩርባውን ሳታዩ ፒ ዋጋውን አትመኑ። ሁለቱ ኩርባዎች እርስ በርስ ከተቋረጡ ቀድሞ የታየው ብልጫ በኋላኛው ይጣፋና ሎግ ራንክ ልዩነቱን ሊስተው ይችላል። የኩርባው ጫፍም በሁለት በሦስት ሰው ላይ የቆመ ከሆነ አንድ ሞት በአንዴ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ በየወሩ በክትትል ላይ ያሉትን ቁጥር ጻፉ።

የከፋው ስሕተት ግን በስሌቱ አይታይም። ዘዴው ሴንሰር የተደረገው ሰው የሞት ዕድሉ በክትትል ከቀሩት ጋር እኩል ነው ብሎ ያስባል። ሕጋዊ የዝውውር ወረቀት ይዞ ቢላ ለሄደው ይህ ይሠራል ብሎ መውሰድ ይቻላል። ሳይናገር ለጠፋው ግን አይሠራም፤ ቤቱ ታሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ኩርባችሁ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ስለዚህ የተዛወሩትንና የጠፉትን በመዝገቡ ለይታችሁ ያዙ፤ የጠፉት ሲጀምሩ ሲዲ4 ቁጥራቸው ከቀሩት ያነሰ መሆን አለመሆኑን አወዳድሩ። ካነሰ፣ የጠፉትን ሁሉ ሞቱ ብላችሁ ኩርባውን ዳግመኛ ሥሩና ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አቅርቡ።