ለውጭ አገር ጅምላ ሻጭ የሚጻፍ ደብዳቤ

በደሴ ከተማ የፀሐይ ኃይል መብራት የሚሸጥ ባለሱቅ በቻይና ለሚገኝ ጅምላ ሻጭ ሲጽፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለይቶ ያቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ዋጋ የሰፈረበት ካታሎግ እንዲላክለት ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ዝቅተኛው የትእዛዝ መጠን ለእያንዳንዱ ዓይነት ነው ወይስ ለጠቅላላው ግዢ? ይበል። መልሱ «300» ቢሆንና እርሱ ከሦስት ዓይነት መቶ መቶ ለማዘዝ ቢያስብ፣ ቁጥሩ ለየዓይነቱ ከሆነ 900 መብራት መግዛት ይኖርበታልና።

ሦስተኛ፣ የአከፋፋይነት ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ዕቃ መግዛት ብቻውን አከፋፋይ አያሰኝም። ፈቃዱ የትኛውን ዕቃ፣ የትኛውን አካባቢና ስንት ዓመት እንደሚሸፍን፣ ብቸኛ አከፋፋይ ያደርገው እንደሆነም ይገለጽ። ጅምላ ሻጩ የንግድ ምልክቱ ባለቤት ካልሆነ፣ ሌላውን ለመወከል መብት የሰጠውን ሰነድ ቅጂ አያይዞ እንዲልክ ይጠየቅ፤ ያልተሰጠውን መብት ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልምና።