ቦቱ ሲሰናከል፦ ለተረካቢዋ ባልደረባዬ

እህቴ፣ ከነገ ጀምሮ የሱቃችን የቴሌግራም ቻናል በአንቺ እጅ ነው። ቀሚሱንና ነጠላውን የሚለጥፈው ቦቱ ነው፤ ያንቺ ድርሻ ሠንጠረዡን መሙላትና ቦቱ ሲሰናከል ምክንያቱን መለየት ነው።

አስቀድመን ሰዓቱን እንይ። ሰርቨሩ የሚሠራው በዩቲሲ ነው፤ የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል።

```
0 4,16 * * * python3 /home/suq/post.py
```

4 እና 16 የተባሉት ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ናቸው። የማታውን ወደ 2 ሰዓት ለማዛወር 16ን 17 አድርጊው። 2 ብለሽ ከጻፍሽ ግን ልጥፉ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል።

ቦቱ በሁለቱም የመለጠፊያ ሰዓቶች «ተዘጋጅቷል» የሚለውን የመጀመሪያ ረድፍ ያነሣና «በመላክ ላይ» ብሎ ይጽፍበታል፤ ከዚያ ፎቶውን ይልካል። ቴሌግራም የልጥፉን ቁጥር ሲመልስለት ረድፉን «ተልኳል» ብሎ ቁጥሩን ያሰፍራል። እቃው ካለቀ ከሰዓቱ በፊት «ይቆይ» በዪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቴሌግራም «አልተቀበልኩም» ብሎ የመለሰው ነው፤ ይህ ቀላል ነው፣ ልጥፉ በእርግጥ አልወጣምና። ሎጉ ላይ 429 ካየሽ ፈጥነን ስለላክን ነው፤ `retry_after` የሚለውን ያህል ሰከንድ ጠብቂ። 403 ከሆነ ቦቱ ከቻናሉ ወጥቷል፤ የመለጠፍ ፈቃድ ያለው አስተዳዳሪ አድርገሽ መልሺው። 400 ከሆነ መልእክቱን አንብቢ፤ ብዙ ጊዜ የፎቶው መግለጫ ከ1024 ፊደል አልፎ ነው። ካስተካከልሽ በኋላ ረድፉን ወደ «ተዘጋጅቷል» መልሺው።

የሚያስቸግረው መልስ ያልመጣበት ነው። ሰኞ ማታ 4,500 ብር የሚሸጥ ቀሚስ ተልኮ ግንኙነቱ መሐል ላይ ተቋረጠ እንበል። ረድፉ «በመላክ ላይ» እንዳለ ይቀራል። ፎቶው ቴሌግራም ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ደርሶና ተለጥፎ መልሱ ብቻ በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል። ሎጉ ሁለቱን አይለይም። ቴሌግራምም ያው ፎቶ ዳግመኛ ቢላክለት የተደገመ መሆኑን ሳያይ እንደ አዲስ ይለጥፈዋል። ቦቱ በራሱ ደግሞ እንዳይሞክር ያደረግሁት ለዚህ ነው። በዚህ መሐል ዋጋው 4,800 ቢሆን ቻናሉ ላይ አንድ ቀሚስ በሁለት ዋጋ ይቆማል፤ ደንበኛ አነስተኛውን ይዞ ቢመጣ እውነት አለው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቻናሉን ክፈቺ። ልጥፉ ካለ ሊንኩን ቅጂ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቁጥር የልጥፉ ቁጥር ነው፤ እሱን ሠንጠረዡ ላይ አስፍረሽ «ተልኳል» በዪ። ከሌለ «ተዘጋጅቷል» አድርጊው፤ በሚቀጥለው የመለጠፊያ ሰዓት ይወጣል።

አደራሽን፣ ቻናሉን በዓይንሽ ሳታዪ «በመላክ ላይ» የሚለውን ረድፍ አትንኪ።