ስባሪና ሙሉ ሩዝ በፎቶ ሲቆጠር፦ ለየትኛው ኖይዝ የትኛው ፊልተር?

ወረታ ከተማ የተፈለፈለ ሩዝ ገዥ እጁን ከጆንያው ከትቶ ጥቂት ፍሬ መዳፉ ላይ ይዘረጋል፤ በጣቱ እየበተነ ስባሪውን ከሙሉው ይለያል። ዋጋው የሚቆረጠውም በዚህ ነው። ይህንኑ ሥራ በፎቶ መሥራት ይቻላል። ናሙናውን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ማንሳት፣ በኮምፒውተር ፍሬዎቹን ከወረቀቱ መለየት፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ርዝመት መለካት ነው። በአሜሪካ የሩዝ ደረጃ አሰጣጥ ከሙሉ ፍሬ ርዝመት ከሦስት አራተኛ በታች የሆነ ፍሬ ስባሪ ይባላል። ኤክስ-ጅግናም ሆነ ሌላ ዝርያ፣ ይህን መለኪያ ከያዛችሁ ቀሪው የልኬት ሥራ ነው።

ልኬቱን የሚያበላሸው ኖይዝ ነው። ፎቶው ላይ የወጣች አንዲት ነጭ ነጥብ እንደ ስባሪ ትቆጠራለች። ነጥቧን ለማጥፋት የተመረጠው ፊልተር የማይስማማ ከሆነ ደግሞ የፍሬውን ጫፍ ይበላና ሙሉውን ስባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ ፊልተር ከመምረጣችን በፊት ኖይዙ ጋውሲያን፣ ዩኒፎርም ወይስ ኢምፐልስ እንደሆነ እንለካለን። ዓይን እዚህ ላይ ብዙ አይታመንም፤ ሦስቱም ዓይነት ኖይዝ ሩቅ ሆኖ ላየው “ዥጉርጉር” ነው።

አነሳሱ

ከሩዙ በታች የምታነጥፉት ያልተጨማደደ ግራጫ ወረቀት ይሁን። ጨርቅ አይሆንም፤ የሽመናው ክር ራሱ ኖይዝ መስሎ ይለካል። ድቅድቅ ጥቁር ወረቀትም ችግር አለው። የፒክስል ዋጋ ከ0 በታች ስለማይወርድ ኖይዙ ከታች በኩል ይቆረጥና 0 ላይ ይከማቻል፤ ከዚያ ጋውሲያን የሆነው ኢምፐልስ ይመስላል። በፎቶው ላይ የወረቀቱ ብሩህነት ከ50 እስከ 80 አካባቢ ቢሆን፣ ሩዙ ደግሞ ከ240 ባያልፍ ጥሩ ነው።

ስልኩን ማቆሚያ ላይ አስሩት። በካሜራው ፕሮ ሞድ አይኤስኦውን በአንድ ቁጥር አጽኑት፤ ስልኩ ራው ፋይል የሚሰጥ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። የተለመደው የጄፔግ ፎቶ በስልኩ ውስጥ አንድ ጊዜ ተለስልሶ የወጣ ስለሆነ የምትለኩት የስልኩን ሥራ እንጂ የካሜራውን ኖይዝ አይሆንም። ፎቶውን በቴሌግራም ወደ ኮምፒውተር የምትልኩ ከሆነም በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል።

ኖይዙን መለየት

ፎቶውን ወደ ፒኤንጂ ለውጡና ሩዝ ያላረፈበትን ባዶ የወረቀት ክፍል ቆርጣችሁ ውሰዱ። እዚያ ክፍል ላይ ሁሉም ፒክስል አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት፤ የሚታየው ልዩነት እንግዲህ ኖይዙ ነው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ትንሽ ክፍል ምረጡ፤ ሰፊው ውስጥ የጥላው መውረድና መውጣት ይገባበታል።

```python
import cv2, numpy as np
g = cv2.imread("ruz.png", 0)
p = g[50:200, 50:200].astype(float)
d = p - p.mean()
print(p.mean(), p.std())
print((d**4).mean() / p.var()**2)
print((p == 0).mean(), (p == 255).mean())
```

ሦስተኛው የ`print` መስመር 0 እና 255 ላይ የወደቁት ፒክስሎች ድርሻ ነው። ሁለተኛው ከርቶሲስ ይባላል፤ የስርጭቱን ቅርጽ በአንድ ቁጥር ይናገራል። ወደ 3 ከተጠጋ ጋውሲያን ነው፤ ሂስቶግራሙን ብትስሉት ደወል ይመስላል። 1.8 አካባቢ ከሆነ ዩኒፎርም ነው፤ ሂስቶግራሙ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። ከ10 አልፎ ከዘለለና 0 ወይም 255 ላይ ብቻቸውን የቆሙ ምሰሶዎች ካሉ ኢምፐልስ ነው፤ በተለምዶ “ጨውና በርበሬ” የሚባለው።

ወረታ ላይ ግን ኢምፐልስ የሚመስል ሌላ ነገር አለ፤ የመፈልፈያው ብናኝ። ብናኝ ኖይዝ አይደለም፤ እውነተኛ ነገር ነው፣ ካሜራውም በትክክል ነው ያነሳው። ለመለየት ወረቀቱን ከነሩዙ ትንሽ አዙሩና ሁለተኛ ፎቶ አንሱ። ነጥቡ ከወረቀቱ ጋር ከዞረ ብናኝ ነው፤ መፍትሔው ብሩሽ እንጂ ፊልተር አይደለም። ወረቀቱ ዞሮ ነጥቡ በፎቶው ላይ ከቦታው ንቅንቅ ካላለ የካሜራው ሴንሰር ላይ የታመመ ፒክስል ነው። በእያንዳንዱ ፎቶ አዲስ ቦታ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በዝውውር ወይም በንባብ ጊዜ የተፈጠረ ስሕተት ነው። ሁለቱ ኋለኞቹ ኢምፐልስ ናቸው።

ኢምፐልስ ከሆነ ሚዲያን

ከግራጫው ወረቀት ላይ ሦስት በሦስት የሆነ መስኮት እንውሰድ፤ አንዱ ፒክስል ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ሆኖ ተበላሽቷል እንበል፦

```
52  50  55
48 255  51
53   0  49
```

ድምሩ 613 ነው፤ አማካዩ 68 ገደማ ይሆናል። ትክክለኛው ግን 51 አካባቢ መሆኑ ግልጽ ነው። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ብንደረድራቸው 0፣ 48፣ 49፣ 50፣ 51፣ 52፣ 53፣ 55፣ 255 ይሆናሉ፤ መካከል ላይ የሚውለው 51 ነው። ሚዲያን ፊልተር የሚወስደው ይህን አምስተኛውን ነው። 0 እና 255 ዳር ስለሚገፉ በውጤቱ ላይ ድምፅ የላቸውም። የትልቁንና የትንሹን አጋማሽ ብንወስድ ደግሞ 127.5 ይመጣል፤ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው።

አማካይ ለኢምፐልስ የማይሆንበት ምክንያት ሌላም አለ። ነጩን ነጥብ አያጠፋውም፤ ለዘጠኝ ፒክስል ያካፍለዋል። 255 የሆነው ነጥብ ከአካባቢው በ204 ይበልጣል፤ ለዘጠኝ ሲካፈል እያንዳንዱን ጎረቤት በ23 ገደማ ያነሣዋል። ጠባብ ነጥብ የነበረው ሰፊ ደብዛዛ ነጥብ ሆነ ማለት ነው። በመሆኑም ኢምፐልስና ጋውሲያን አንድ ላይ ከተገኙ ሁልጊዜ ሚዲያኑ ይቅደም።

የሚዲያን ወሰን ግማሽ ነው። ከዘጠኙ አምስቱ ከተበላሹ መካከለኛውም የተበላሸ ይሆናል። የተበላሹት ሁሉ ነጭ ቢሆኑና ከፒክስሎቹ 10 በመቶውን ቢይዙ ይህ የሚያጋጥመው ከሺህ መስኮት በአንዱ ገደማ ነው፤ 30 በመቶ ከደረሱ ግን ከአሥሩ በአንዱ። እዚያ ላይ መስኮቱን አምስት በአምስት ማድረግ የግድ ይሆናል፣ ጥራቱም ይከፈልበታል። ቀጭን ነገር ሚዲያን ይውጠዋል፤ አንድ ፒክስል ስፋት ያለው መስመር ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ ስለሚይዝ ይጠፋል። ለዚህ ነው የፎቶው የፒክስል ጥግግት አስቀድሞ መታሰብ ያለበት። በስካነር 300 ዲፒአይ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ፒክስል ነው፤ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍሬ 71 ፒክስል ይሆናል፣ ሦስት በሦስት ሚዲያን አይነካውም። በ100 ዲፒአይ ግን ያው ፍሬ 24 ፒክስል ብቻ ነው፤ ከጫፉ ሁለት ፒክስል ቢታጣ ከሦስት አራተኛው መስመር ላይ ያለውን ፍሬ ወደ ስባሪ ይገፋዋል።

ጋውሲያን ከሆነ አማካይ

ክረምት ላይ ደመና ሲጥል፣ ወይም መጋዘን ውስጥ በደካማ አምፖል ሲነሳ በብዛት የሚገጥማችሁ ይህ ነው። ካሜራው ያጣውን ብርሃን ለማካካስ አይኤስኦውን ሲያሳድግ ኖይዙም አብሮ ያድጋል። ኖይዙ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ስለሚወዛወዝ ሲደመር ይጠፋፋል፤ በዚህ ላይ አማካይን የሚበልጥ የለም። ሚዲያን ብትጠቀሙ ይሠራል፤ ግን በዘጠኝ ፒክስል መስኮት የሚቀረው ኖይዝ ከአማካዩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል።

ችግሩ አማካይ ጠርዝን ያደበዝዛል። ተጠጋግተው የተቀመጡ ሁለት ፍሬዎች መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ይሞላና ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ረጅም ፍሬ ይቆጥራቸዋል። እዚህ ላይ ግን ሩዝ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አይንቀሳቀስም። ጎረቤት ፒክስሎችን ከማደባለቅ ያንኑ ናሙና ደጋግማችሁ አንሱና ፎቶዎቹን አማክሉ። ጠርዙ እንዳለ ይቆያል፤ ኖይዙ በፎቶዎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳል። ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 12 ከነበረ በ16 ፎቶ ወደ 3 ይወርዳል።

```python
import glob
files = glob.glob("ruz_*.png")
avg = np.mean([cv2.imread(f, 0) for f in files], axis=0)
```

የታመመ ፒክስል ካለ ግን በ16ቱም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ስለሚወጣ ማማከል አያነሳውም። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ አስቀድሞ `cv2.medianBlur(g, 3)` ይለፍበት። ፎቶው አንድ ብቻ ከሆነ `cv2.GaussianBlur(g, (5, 5), 1)` ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማለስለስ ለሩዝ ፍሬ አልመክርም።

ዩኒፎርም ከሆነ የዳርና ዳር አጋማሽ

እውነቱን ለመናገር ንጹሕ ዩኒፎርም ኖይዝ በስልክ ፎቶ ላይ እምብዛም አይገኝም። የሚመጣው የግራጫ ደረጃዎች ሲቀነሱ ነው። ከ256 ወደ 32 ደረጃ የወረደ ምስል እርምጃው 8 ይሆናል፤ ስሕተቱ በ−4 እና በ+4 መካከል እኩል ይበተናል፣ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑም 8ን ለ12 ስኩዌር ሩት ስናካፍል 2.3 ነው። ወረቀቱ ፍጹም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ይኸው ስሕተት ነጠብጣብ ሳይሆን ባለ መስመር ንጣፍ ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ ፊልተር አይረዳም፣ ዋናውን ፋይል ፈልጉ።

ዩኒፎርም መሆኑ ከተረጋገጠ የመስኮቱን ትልቁንና ትንሹን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ከሁሉም ይበልጣል። ስርጭቱ ጎኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ወሰኑን የሚናገሩት ዳር ያሉት ሁለቱ ናቸው። በዘጠኝ ፒክስል መስኮት ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቫሪያንስ አማካይ ከሚያስቀረው ግማሽ ያህል ነው፤ ከሦስቱ መጨረሻ የሚወጣው ሚዲያን ነው።

```python
k = np.ones((3, 3), np.uint8)
mid = (cv2.dilate(g, k).astype(float) + cv2.erode(g, k)) / 2
```

ከላይ ባየነው መስኮት 127.5 የሰጠው ይኸው ፊልተር መሆኑን አትርሱ። አንድ ኢምፐልስ ይበቃዋል። ጠርዝ ላይም የሩዙንና የወረቀቱን አጋማሽ ስለሚያወጣ የፍሬውን ዳር ያሰፋዋል።

ፊልተሩ ፍሬውን እንዳልበላ ማረጋገጥ

ከዋናው ምስል ላይ የተጣራውን ቀንሱና ልዩነቱን አጉልታችሁ እዩት። ያልተስተካከለ ብትን ነጠብጣብ ብቻ ከታየ የወጣው ኖይዝ ነው። የሩዝ ፍሬ ቅርጽ ተሥሎ ከታየ ግን ፊልተሩ ከሩዙ ላይ ወስዷል፤ መስኮቱን አሳንሱ ወይም ፊልተሩን ለውጡ። ከዚያ በኋላ ባዶውን የወረቀት ክፍል ድጋሚ ለኩ፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ወርዶ የ0 እና የ255 ድርሻ ዜሮ መሆን አለበት።

አምፖሉ፣ አይኤስኦው ወይም ስልኩ በተቀየረ ቁጥር ኖይዙም ስለሚቀየር ልኬቱን ከመጀመሪያው አድርጉት። የስባሪውን በመቶኛ ለገዥ ወይም ለሻጭ ስትሰጡም የትኛውን ፊልተር በስንት በስንት መስኮት እንደተጠቀማችሁ አብራችሁ ጻፉ፤ ያልተጣራውን ፎቶም አታጥፉት፣ ክርክር ከተነሳ የሚያስፈልገው እሱ ነው።