የትምህርት ፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም፦ የግስ፣ የቀንና የምሪት ጉዳይ

አንድ አመልካች በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመማር በሚያመለክትበት ጊዜ፣ በውጤት መግለጫው ላይ ያልተመዘገበበት መንፈቀ ዓመት ከታየ የቅበላ ክፍሉ ምክንያቱን ሊጠይቅ ይችላል። በእጁ ያለው ማስረጃ በወቅቱ ለትምህርት ክፍሉ ያስገባው የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ፣ ትርጉሙ የሚነበበው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተማሪው ትምህርቱን ትቶ ሄደ ወይስ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ? ይህ ጽሑፍ መልሱን ሊያዛቡ የሚችሉ ሦስት ነጥቦችን ይመረምራል። ለዚህም ከተለመደው የጽሕፈት ቤት አጻጻፍ በመነሣት የሚከተለው ናሙና ተዘጋጅቷል።

«ታኅሣሥ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.። ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች የ2ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ባጋጠመኝ የጤና ችግር ምክንያት ከታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርቴን አቋርጬ በሚቀጥለው ዓመት እንድቀጥል ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

በደብዳቤው ኅዳግ ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ «ለሬጅስትራር፦ በደንቡ መሠረት ይስተናገዱ» የሚል ምሪት ከፊርማ ጋር ሰፍሯል።

ግሱ። «አቋርጬ» ቦዝ አንቀጽ በመሆኑ ራሱን ችሎ ጊዜን አያመለክትም፤ ጊዜውንና ስልቱን የሚያገኘው ከሚከተለው ግስ ነው። እዚህ ላይ «እንድቀጥል ይፈቀድልኝ» በሚለው ሥር ስለሚውል፣ ማቋረጡ ራሱ የተጠየቀ እንጂ የተፈጸመ ድርጊት አይደለም። ተርጓሚው ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውን በኃላፊ ጊዜ ካስቀመጠው ግን፣ ተማሪው ፈቃድ ሳያገኝ አስቀድሞ ትምህርቱን የተወ ይመስላል። ስለዚህ ማቋረጡና መመለሱ በአንድ ልመና ሥር መቆየት አለባቸው፤ የተጠየቀውም ነገር መመለስን የሚያካትተው «ሊቭ ኦቭ አብሰንስ» እንጂ «ድሮፕ አውት» አይደለም።

ቀኑ። ደብዳቤው የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ታኅሣሥ 30 ቀን 2019 ሲሆን፣ ፈቃዱ የተጠየቀው ከጥር 3 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። ሁለቱም ቀኖች በእኛ አንድ ወርና አንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን የአውሮፓውያን ዓመት ተለውጧል። በመጀመሪያው ቀን ላይ 7 ዓመት፣ በሁለተኛው ላይ 8 ዓመት ይጨመራል። ተርጓሚው በሁለቱም ላይ 7 ቢጨምር፣ ፈቃዱ ደብዳቤው ከመጻፉ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ የጀመረ ሆኖ ይነበባል።

የዕለቱም ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። የ2011 ጳጕሜን 6 ቀን ስለነበረች 2012 የገባው በመስከረም 12 ነው፤ በዚህም ምክንያት ታኅሣሥ 24 በሌላው ጊዜ እንደሚሆነው ጥር 2 ላይ ሳይሆን ጥር 3 ላይ ውሏል። ማረጋገጫው ቅርብ ነው፤ 2012 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር የገና በዓል የተከበረው ታኅሣሥ 28 ሲሆን፣ ያም ቀን ጥር 7 ነው። በትርጉሙ ላይ የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ አስፍሮ አቻውን አጠገቡ ማስቀመጥ፣ አንባቢው ከሌሎች ሰነዶች ጋር እንዲያመሳክር ያስችለዋል።

ምሪቱ። በኅዳግ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የደብዳቤው አካል አይደለም ተብሎ ብዙም ሳይታሰብበት ሊቀር ይችላል። ከተዘለለ ግን ደብዳቤው ለባለሥልጣን መድረሱን የሚያሳየው ብቸኛ ምልክት ይጠፋል። በተቃራኒው «ይስተናገዱ» የሚለው «ተፈቅዷል» ተብሎ ቢተረጎም፣ ተርጓሚው ያልተሰጠ ውሳኔ ሰጠ ማለት ነው። ቃሉ ትእዛዝ ነው፤ ጉዳዩ በደንቡ መሠረት እንዲታይ ወደ ሬጅስትራር ያስተላልፋል እንጂ ጥያቄውን አያጸድቅም። የብዙ ቍጥር ቅርጹም የአክብሮት ስለሆነ በእንግሊዝኛው አንድን አመልካች ብቻ ማመልከት አለበት። ምሪቱ «በእጅ የተጻፈ» ተብሎ በቅንፍ ተለይቶ፣ ፊርማውም መኖሩ ተጠቅሶ መተርጎም ይኖርበታል።

ከዚህ የሚከተለው ለአመልካቹ የማይመች ሊሆን ይችላል። ናሙናው በትክክል ሲተረጎም የሚያስረዳው ፈቃድ መጠየቁንና ጥያቄው ለውሳኔ መመራቱን ብቻ ነው፤ መፈቀዱን አያስረዳም። ያንን የሚያሳየው የሬጅስትራር የመልስ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ክፍተቱን በቃላት ምርጫ ከመሙላት ይልቅ፣ ሥራውን ሲረከብ የመልሱ ደብዳቤ መኖር አለመኖሩን አመልካቹን ሊጠይቅ ይገባል። ካለ ሁለቱ ሰነዶች በአንድነት ይተርጎማሉ፤ ከሌለም አመልካቹ ትርጉሙን ከመላኩ በፊት ከሬጅስትራር ማረጋገጫ እንዲያወጣ ጊዜ ያገኛል።