ፓምፑ መቼ ይነሳ?

የደብረ ማርቆስ ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ስለዚህ ውኃ የሚያሞቀው ሶላር ፓምፕ በሰዓት ሳይሆን በሙቀት ልዩነት ቢታዘዝ ይሻላል። መቆጣጠሪያው ሁለት ሴንሰር አለው፤ አንዱ ጣሪያ ላይ ባለው ሙቀት ሰብሳቢ መውጫ፣ ሌላው በታንከሩ ታች።

ጠዋት ታንከሩ 30፣ ሰብሳቢው 38 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 8 ነውና ፓምፑ ይነሳል እንበል። ከታንከሩ ቀዝቃዛ ውኃ ሲደርስበት ሰብሳቢው ወዲያው ወደ 35 ይወርዳል። ማቆሚያውም 8 ቢሆን ኖሮ ፓምፑ ቆሞ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና እየተነሳ ሪሌውን ይጨርሰው ነበር። ለዚህ ነው ማቆሚያው 3 ላይ የሚደረገው።

ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ታንከሩን ካቀዘቀዘው፣ መጀመሪያ የሴንሰሮቹ ገመድ ተቀያይሮ እንደሆነ እዩ። በጠራ ፀሐይ አልነሳ ካለ ደግሞ የጣሪያው ሴንሰር ከቧንቧው ተላቆ ነፋሱን እየለካ ሊሆን ይችላል።